ቀጥተኛ አጽም፦ ጣሪያን ከቤቱ ፕላን ማውጣት

በሁሉም ጎን ወደ ግድግዳው የሚወርድ ጣሪያ ሲነደፍ የተለመደው አካሄድ የግድግዳውን ፕላን መጨረስ፣ ከዚያ የጣሪያውን አናት መሃል ላይ በግምት ማስመርና ማዕዘኖቹን ከእሱ ጋር ማገናኘት ነው። የጣሪያው ገጾች ሁሉ እኩል ተዳፋት ካላቸውና ታዛው በዙሪያው እኩል ከወጣ ግን ለግምት የሚተርፍ መስመር የለም፤ አናቱም፣ ሰያፍ ጠርዙም፣ ሸለቆውም ከፕላኑ ዙሪያ መስመር ብቻ ይወሰናሉ። እነዚህ መስመሮች አንድ ላይ የሚሠሩትን ቅርጽ የጂኦሜትሪ ሰዎች ስትሬት ስኬሌተን ይሉታል፤ በአማርኛ ቀጥተኛ አጽም እንበለው። ስሙ የታወቀው አይሽሆልትሰርና ሦስት ባልደረቦቹ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነው። የፕላኑ ጎኖች በሙሉ በአንድ ፍጥነት፣ አቅጣጫቸውን ሳይቀይሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ማዕዘኖቹ የሚተዉት ዱካ አጽሙ ነው። ለጣሪያ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተዳፋቱ እኩል ስለሆነ ጎኖቹ እኩል በገቡ ቁጥር ጣሪያው በሁሉም በኩል እኩል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የጠበበው ዙሪያ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው የጣሪያው መስመር ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ። ዋናው ክንፍ 12 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ ከአንድ ጫፉ 5 ሜትር ስፋት ያለው ሌላ ክንፍ 4 ሜትር ይወጣል። ታዛው 60 ሳንቲሜትር፣ ተዳፋቱ በ2 ሜትር 1 ሜትር የሚነሳ ይሁን። መጀመሪያ የሚሠራው ዙሪያውን በ60 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ማስፋት ነው፤ አጽሙ የሚጀምረው ከግድግዳው ሳይሆን ከታዛው ጫፍ ነውና። የክንፎቹ ስፋት አሁን 7.2 እና 6.2 ሜትር ሆነ። ጎኖቹ 3.1 ሜትር ሲገቡ ጠባቡ ክንፍ ተጣብቆ የ4 ሜትር መስመር ይሆናል፤ ያ አናቱ ነው፤ ከታዛው ጫፍ 1.55 ሜትር ከፍ ይላል። ከዋናው ክንፍ የሚቀረው 7 ሜትር በ1 ሜትር አራት ማዕዘን ነው። ጎኖቹ ሌላ ግማሽ ሜትር ሲገቡ እሱም የ6 ሜትር አናት ይሆናል፤ ከፍታው 1.80 ሜትር። ወደ ውስጥ ከገባው ማዕዘን የተነሳው ሸለቆ የሚያበቃው በጠባቡ ክንፍ አናት ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ትልቁ አናት የሚያደርሰው 75 ሳንቲሜትር ብቻ የሆነ አጭር ሰያፍ ጠርዝ ነው።

በግምት ሲሠራ የሚረሳው ይህ አጭር ጠርዝ ነው። ሁለቱን አናቶች በአንድ ከፍታ ያገናኘ ሰው የጠባቡን ክንፍ ተዳፋት ከ50 ወደ 58 በመቶ ገፍቶታል፤ ሸለቆውም ማዕዘኑን እኩል መክፈሉን ያቆማል። ስህተቱን ለማወቅ ሸለቆው ላይ የትኛውንም ነጥብ ይዞ በፕላኑ ላይ ከሁለቱ የታዛ ጠርዞች ያለውን ርቀት መለካት ይበቃል፤ ርቀቶቹ እኩል ካልሆኑ ሞራሌውም ቆርቆሮውም አይገጥምም። ሸለቆው የሁለት ገጽ ውሃ የሚሰበስብ ሆኖ ሳለ የራሱ ተዳፋት 35 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የሚፈጠር ክፍተት ቶሎ ያፈሳል።

አናጺ ማዕዘኑን በ45 ዲግሪ እየከፈለ ይህንን ድሮም ይሠራ የለ ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ውጤቱ ያው ነው። ከባዱ ግን ማዕዘን መክፈሉ አይደለም፤ የትኛው መስመር ቀድሞ የትኛውን እንደሚያገኝና የት እንደሚቆም ማወቁ ነው፤ ክንፎች ሲበዙ እጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህንን ለፕሮግራም መተው ይቻላል፤ በኦፕንስካድ የሙከራ ስሪት ይህ ቤት እንዲህ ይጻፋል፦

```
scale([1, 1, 0.5])
  roof(method = "straight")
    offset(delta = 0.6)
      polygon([[0,0],[12,0],[12,6],
               [5,6],[5,10],[0,10]]);
```

በ`delta` ፈንታ `r` ከተጻፈ የታዛው ማዕዘን ይከባል። `method` ካልተጠቀሰ ደግሞ ፕሮግራሙ ሌላ አጽም ይጠቀማል፤ ያኛው ወደ ውስጥ በገባው ማዕዘን ላይ ሸለቆ በማበጀት ፈንታ የተጠማዘዘ ገጽ ይሠራል፤ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ደግሞ አይከተለውም።

ተዳፋቱ ከጎን ጎን ከተለያየ ተራው አጽም አይበቃም፤ ጎኖቹ በተለያየ ፍጥነት መግባት አለባቸው፤ ተዳፋቱ ገር የሆነው ጎን ፈጥኖ ይገባል። ሌላው ገደብ ታዛው ራሱ ነው። በሁለት ክንፎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከ1.2 ሜትር ከጠበበ ከሁለቱም በኩል የሚወጡት 60 ሳንቲሜትር ታዛዎች ይገናኙና ክፍተቱ ይዘጋል፤ ፕሮግራሙም ዝም ብሎ ክፍተት የሌለበት ጣሪያ ያወጣል። እዚያ ቦታ ላይ ታዛውን ማሳጠር ወይም ክፍተቱን አስቦ መክደንና ውሃውን በአሸንዳ ማውጣት የነዳፊው ውሳኔ ነው።