የግማሽ ደቂቃ ትውውቅ

በአዲስ አበባ የጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች መድረክ ላይ የቆመ ሰው «ኤሌቬተር ፒች» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይወጣም። ቃሉ በቀጥታ ሲመለስ «የአሳንሰር ንግግር» ይሆናል። መነሻው ቀላል ነው፦ ከአንድ ትልቅ ኃላፊ ጋር አሳንሰር ውስጥ ብትገናኝና እሱ የሚወርድበት ፎቅ ላይ እስኪደርስ ያለህ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢሆን ምን ትለዋለህ? አገላለጹን ማን እንደጀመረው ብዙ ታሪክ ይነገራል። አንዳንዶች በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ጥራት ይጽፍ ለነበረው አሜሪካዊ ለፊሊፕ ክሮዝቢ ይሰጡታል፤ ሌሎች ደግሞ ወደ መጽሔት ቤት አዘጋጆች ይወስዱታል። ለእኛ ግን አሳንሰሩ ምንም አያደርግልንም። ከዋግ ኽምራዋ አስከተማ ተነሥቶ ባሕር ዳር ባዛር ላይ ለሚገኝ የጋዝጊብላ ልጅ ቃሉ «የግማሽ ደቂቃ ትውውቅ» ቢባል ይበቃል፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስድም ስሙ ራሱ ይናገራል። ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

ትውውቅ ሲባል ከሰላምታ ይለያል፤ ይህን ካላስቀደምን ጨዋታው ሁሉ ይበላሻል። የፈረንጁ መመሪያ ሰው ፊት ከመቆም እስከ መለየት ያለውን ጊዜ ሁሉ በሠላሳው ሰከንድ ውስጥ ይቆጥረዋል። በእኛ ዘንድ ግን «እንደምን ዋሉ፣ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ደኅና ነው» የሚለው ሳያልቅ ስለ ሥራ የሚጀምር ሰው ችኩል ይባላል። በተለይ ሰውየው በዕድሜ ከገፋ እሱ ሰላምታውን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው «እሺ፣ ከየት ነው የመጣሽው?» ወይም «ምን ላይ ነው የምትሠራው?» ሲባል ነው።

ችግሩ የሚመጣውም እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው እስካሁን እንደልቡ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ድምፁን ይቀይርና እንዲህ ይላል፦

«ስሜ እከሊት እባላለሁ። የመጣሁት ከአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ጋዝጊብላ ወረዳ ሲሆን፣ በንብ ማነብ ዘርፍ በመደራጀት ጥራቱን የጠበቀ የማር ምርት ለኅብረተሰቡ በማቅረብ የበኩላችንን አስተዋጽኦ በማበርከት ላይ እንገኛለን።»

ይህን የሰማ ሁሉ በቃል የተያዘ መሆኑን ያውቃል። ምክንያቱ ግን መሸምደዱ ብቻ አይደለም። ይህ የስብሰባ አማርኛ ነው፤ ሪፖርት የሚቀርብበት እንጂ ሰው ለሰው የሚያወራበት አይደለም። «ሲሆን»፣ «በመደራጀት»፣ «በማቅረብ»፣ «በማበርከት» እያለ ይንጠላጠላል፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣም አድማጩ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ እስከ «እንገኛለን» ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ተናጋሪዋም ትንፋሿ መካከል ላይ ያልቅና የመጨረሻዎቹን ቃላት ትሮጥባቸዋለች። «ስሜ እባላለሁ» የሚለውም ያው ነው፤ ወይ «ስሜ እከሊት ነው» ወይ «እከሊት እባላለሁ» ይባላል እንጂ ሁለቱ አይደራረቡም። ቡና እየጠጣ እንዲህ የሚናገር ሰው የለም። ለዚህ ነው በአማርኛ የትውውቅ ንግግር እንዲያምር የመጀመሪያው ሥራ በልምምድ ላይ ሳይሆን በቃላቱ ላይ የሚሠራው፦ የሪፖርቱን ቋንቋ ማውጣት፣ ዓረፍተ ነገሩን መቆራረጥ፣ እያንዳንዱን በተቻለ መጠን በ«ነው»ና በ«ነኝ» መዝጋት።

ለምሳሌ ያህል የምናስባት ሴት በጋዝጊብላ ደጋ ከሌሎች ጋር ንብ የምታነብ ናት እንበል። ባዛሩ ላይ ከፊቷ የቆመው ማር በጅምላ የሚረከብ ነጋዴ ነው። ያንኑ ነገር እንዲህ ልትለው ትችላለች፦

«እከሊት ነኝ፤ ንብ አናቢ ነኝ። የመጣሁት ከጋዝጊብላ ነው፤ ከሰቆጣ ወደ ደቡብ ካለው ደጋ። አሥራ ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። ማራችን ነጭ ነው፤ ጥቅምት ላይ ይቆረጣል። እስካሁን ሰቆጣ ገበያ ላይ ከነሰፈፉ ነው የምንሸጠው። ዘንድሮ ግን ማጣሪያ ስላገኘን ለጅምላ ገዢ ማቅረብ እንችላለን። እርስዎ ማር ሲረከቡ በምን ዓይነት ዕቃ ቢሆን ይመርጣሉ?»

ይህ ሃምሳ ቃል አይሞላም። በእንግሊዝኛ ለሠላሳ ሰከንድ ሰባ አምስት ቃል ያህል ይመከራል፤ ያንን ቁጥር ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው ግን ይሳሳታል። የእኛ አንድ ቃል ባለቤቱንም ተሳቢውንም መስተዋድዱንም ተሸክሞ ይሄዳልና ረዘም ይላል። «ስላገኘን» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ሦስትና አራት ያደርገዋል። ሳይቸኩሉ ለመናገር ከ45 እስከ 55 ቃል ልክ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አፍ መሮጥ ይጀምራል።

አሁን አሠራሩን እንይ። ንግግሩ አራት ማረፊያ አለው። መጀመሪያ ማን እንደሆነች፤ ሁለተኛ አድማጩ በዓይነ ኅሊናው ሊያየው የሚችል አንድ ነገር፣ እዚህ ላይ ጥቅምት ላይ የሚቆረጥ ነጭ ማር፤ ሦስተኛ አሁን የተለወጠው ወይም የጎደለው፣ ይኸውም ከነሰፈፉ ይሸጥ የነበረው ዘንድሮ መጣራቱ፤ አራተኛ ሰውየው ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ። «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለው ሐረግ የለም፤ ማንም ስለ ማሩ «ጥራቱን ያልጠበቀ» ብሎ አያውቅምና ምንም አይነግርም። «አብረን ብንሠራ ደስ ይለናል» የሚለውም የለም። ነጋዴው «እሺ፣ እናያለን» ከማለት ሌላ ምን ይመልሳል? ስለ ዕቃው ሲጠየቅ ግን ስለ ራሱ ሥራ ያወራል፤ ካወራ ደግሞ ትውውቁ ወደ ጨዋታ ተሻገረ ማለት ነው።

ብዙዎች ስለ ራስ መናገር ስለሚከብዳቸው ሦስተኛውን ማረፊያ ይዘሉታል። «እኔ» እያሉ መዘርዘር በእኛ ዘንድ መኩራራት ይመስላል። መውጫው ራስን ማሳነስ አይደለም፤ ሥራውን መናገር ነው። «ጎበዝ አናቢዎች ነን» ያሳፍራል፤ «ዘንድሮ ማጣሪያ አገኘን» ግን የሆነ ነገር ስለሆነ አያሳፍርም። በማኅበር ለሚሠራ ሰው «እኛ» ማለት ደግሞ ትሕትና ብቻ ሳይሆን እውነትም ነው።

የቦታው ስም ሌላ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ «ጋዝጊብላ» ሲባል ብዙ ሰው ፊቱ ላይ ምንም አይታይበትም፤ «ሰቆጣ» ሲባል ግን አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። በጤናና በሥርዓተ ምግብ ዙሪያ የሚሠራ ሰው ከሆነ የሚያስታውሰው የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ነው፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባውን ቃል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ የ1977ቱን ድርቅ ያስታውሳል። ስለ ጉብኝት የሚያውቅ ካለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ይጠራ ይሆናል። ስለዚህ «ከሰቆጣ ወደ ደቡብ» ብሎ ማስጠጋት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን እዚያው ላይ ቆሞ መቅረት አያዋጣም። አድማጩ ሐሳቡ ወደ ድርቅ እንደሄደ ወዲያው ነጩ ማር ካልመጣለት ወሬው ወደ እርዳታ ይዞርና ሴትዮዋ ነጋዴ መሆኗ ይረሳል። ከቦታው ስም ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ስለ ዕቃው መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

አድማጩ ሲለወጥ የሚለወጠው ሁሉም አይደለም። ማንነቷና ማሩ ይቆያሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ይቀየራሉ። ፊቷ ያለው ከግብርና ምርምር የመጣ ባለሙያ ቢሆን የማጣሪያውን ነገር ትታ በበጋ ንቡ ቀፎውን ጥሎ እንደሚሄድ ትነግረውና «ሌላ ቦታ ያሉት አናቢዎች አበባ ሲጠፋ ንባቸውን ምን ይመግቡታል?» ብላ ትጠይቀዋለች። የዋግ ተወላጅ ሆኖ አዲስ አበባ የሚነግድ ሰው ከሆነ ደግሞ «ከሰቆጣ ወደ ደቡብ» ማለት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ትንሽ ይስቅባታል። ቀበሌውን ጠርታ ታልፈዋለች።

አሁን ወደ ልምምዱ። ጽሑፉን ቃል በቃል መያዝ ሳይሆን አራቱን ማረፊያ ብቻ መያዝ ነው፦ ማን፣ ማሩ፣ ማጣሪያው፣ ዕቃው። አራት ቃል መዳፍ ላይ ይበቃል። እንዳለ ሊያዝ የሚገባው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ነው፤ መነሻና መድረሻ ከታወቀ መካከሉ ቢንገዳገድም አይጠፋም። ከዚያ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች መናገር ነው፤ ለእናት፣ ለጎረቤት፣ ስለ ማር ምንም ለማያውቅ ሰው። በኽምጣና አፉን የፈታ ሰው መጀመሪያ በኽምጣና ቢናገረው ይሻላል። አማርኛውን ቃል በቃል የመሸምደድ ፈተና የሚበረታው ቋንቋው ሁለተኛ ሲሆን ነውና፣ ሐሳቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከተደላደለ በኋላ አማርኛው ራሱ ይከተላል። ንግግሩ ላይ የኽምጣና ቅላጼ ቢሰማ ግድ የለም፤ ከየት እንደመጣች ከተነገረው ሁሉ በተሻለ ያረጋግጣል።

በቃል መያዙን የሚያሳብቁ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ መቅዳት ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ቃላቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ገና ድርሰት ነው፤ ቃሉ ተለዋውጦ ነገሩ አንድ ከሆነ ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ይከብዳል፦ አንድ ሰው መካከል ላይ «ቆይ፣ ስንት ኪሎ?» ብሎ እንዲያቋርጥ ማድረግ ነው። የሸመደደ ሰው ይደነግጥና ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ «ስሜ...» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሣል። ነገሩን የያዘ ሰው ግን ኪሎውን ይመልስና ካቆመበት ይቀጥላል። ባዛር ላይ ደግሞ ማቋረጥ ልማድ ስለሆነ ይህኛው ፈተና በእርግጥ ይመጣል።

የግማሽ ደቂቃ ትውውቅ ሁሉን አይሠራም። ሦስት ደቂቃ የሚሰጥ ውድድር ላይ ያንሳል፤ ዳኞቹ ዋጋና ወጪ ይጠይቃሉ። ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ላይ ደግሞ ነውር ነው፤ እዚያ ሰው የሚተዋወቀው በዘመድና በጎረቤት ነው። ቦታው ንግድና ሥራ ሊወራ ሰው የተሰበሰበበት ነው።

ለሚቀጥለው ባዛር የምትዘጋጁ ከሆነ ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ከሠላሳ ሰከንድ ካለፈ መጀመሪያ የክልሉንና የዞኑን ስም አውጡ፤ ቀጥሎ «ጥራቱን የጠበቀ»ን። የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን አትንኳት።