መደበኛ የወጪ ስሌት፦ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ልዩነትና የአጠቃቀም ልዩነት

መደበኛ የወጪ ስሌት፣ አንድ ዕቃ ከመሠራቱ አስቀድሞ የሚፈጀው ጥሬ ዕቃ በመጠንና በዋጋ ተተምኖ፣ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ እውነተኛው ወጪ ከትመናው ጋር የሚመዛዘንበት የሒሳብ ሥርዓት ነው።

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባለችው በንፋስ መውጫ የሚሠራ አንድ ዳቦ ቤት፣ ለምሳሌ፣ ለ1000 ዳቦ 80 ኪሎ ዱቄት፣ ኪሎውንም በ60 ብር ቢተምን፣ መደበኛ ወጪው 4800 ብር ይሆናል፤ ነገር ግን 88 ኪሎ በ57 ብር ሒሳብ ገዝቶ ሁሉንም ቢፈጅ 5016 ብር ያወጣል። የ216 ብሩን ብልጫ ብቻ የተመለከተ ሰው የጉድለቱን ምንጭ ሊለይ አይቻለውም።

ሲተነተን ግን፣ በ88ቱ ኪሎ ላይ በየኪሎው 3 ብር በመርከሱ 264 ብር ተርፏል፤ ከልክ ያለፈው 8 ኪሎ ደግሞ በ60 ብር ተባዝቶ 480 ብር አጉድሏል። ፊተኛው ልዩነት ገበያውን፣ የጭነቱን ኪራይና የገዢውን ድርድር ይመለከታል፤ ኋለኛው ሚዛኑን፣ ቡኮውንና ምድጃውን ይመረምራል። የባከነው ዱቄት በመደበኛው ዋጋ መባዛቱም ጋጋሪው በገበያ መናር እንዳይወቀስ፣ በገበያ መርከስም ጥፋቱ እንዳይሸፈን ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ልዩነቶች አንዳንዴ ከአንድ ሥር ይበቅላሉ፤ ርካሹ ዱቄት የነቀዘ ወይም ሊጡ የማይነሣ ከሆነ፣ በግዢ የተገኘው ትርፍ በምድጃው አፍ ይጠፋልና። ስለዚህ ሒሳብ ያዡ ብክነቱ የጀመረው አዲሱ ጆንያ በተፈታበት ዕለት መሆን አለመሆኑን ሳያጣራ፣ ገዢውን አያመስግን፣ ጋጋሪውንም አይቅጣ።