የጎደለው ጥግ፤ ከባግዳድ እስከ ባዝል

ዛሬ x² + 10x = 39 ብለን በአንድ መስመር የምንጽፈውን ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በቃላት ነበር ያስቀመጠው። አንድ ካሬና የጎኑ አሥር እጥፍ ሲደመሩ ሠላሳ ዘጠኝ ቢሆኑ ጎኑ ስንት ነው? ጥያቄው የሚገኘው አልጀብራ የሚለውን ስም ባወረሰን መጽሐፉ ውስጥ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 ባለው ጊዜ ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ መልሱን በሥዕል አሳየ። ጎኑ x የሆነ ካሬ ሳለ፤ አሥሩን ለሁለት ከፈለና ወርዳቸው 5፣ ርዝመታቸው x የሆኑ ሁለት ቁራጮችን በካሬው ሁለት ጎኖች ላይ ለጠፈ። የተገኘው ቅርጽ ትልቅ ካሬ ለመሆን አንድ ጥግ ብቻ ይጎድለዋል። ጥጉ 5 በ5 ነው፣ ስለዚህ 25። እሱ ሲሞላ 39 እና 25 ተደምረው 64 ይሆናሉ፣ የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፣ 5 ሲቀነስለት 3 ይቀራል። ዘዴው ከእሱም የቆየ ነው፤ ባቢሎናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው በሸክላ ጽላት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ መንገድ ፈትተዋል።

ይህ እኩልታ ሌላም መልስ አለው፤ -13። አል-ኸዋሪዝሚ አልጠቀሰውም። የካሬ ጎን ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልማ!

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኒውተንና ላይብኒትስ ካልኩለስን ሲያደራጁ ያው ጥግ በሌላ በኩል ተመለሰ። ኢንተግራላቸው በቀጥታ የሚታወቁት u² እና አንድ ቋሚ ቁጥር ብቻ የያዙት ቅርጾች ናቸው። መሐል የገባው 10x ነው እንቅፋቱ። ጥጉን መሙላት ደግሞ እሱኑ ያስወግዳል፦ x² + 10x = (x + 5)² − 25። ከዚያ u = x + 5 ብንል du ከ dx ጋር እኩል ስለሆነ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።

የባግዳዱን ቁጥሮች በክፍልፋይ ታህት እናስቀምጣቸው። x² + 10x − 39 ማለት u² − 64 ነው፤ መልሱ ሎጋሪዝም ይሆናል፦

∫ dx/(x² + 10x − 39) = (1/16) ln|(x − 3)/(x + 13)| + C

የ39 ምልክት ወደ መደመር ቢለወጥ ግን u² + 14 እናገኛለን፤ ይህ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ የለውም፣ መልሱም (1/√14) arctan((x + 5)/√14) + C ነው። ጥጉ ከተሞላ በኋላ የሚተርፈው ቁጥር ምልክት መልሱ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመጣ ይወስናል።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ኳድራቲኩ በዳግም ዘር ሥር ያለበት፣ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ነው። √(39 − 10x − x²)ን እንውሰድ። መቀነሱን አውጥተን 39 − (x² + 10x) ብለን ስንጽፍ፣ በቅንፉ ውስጥ 25 መጨመር በእርግጥ 25 መቀነስ ነው። ስለዚህ ከቅንፉ ውጭ 25 መደመር አለበት፤ ውጤቱ 64 − (x + 5)² ነው። በልማድ 25 የቀነሰ ሰው 14 − (x + 5)² ላይ ይደርሳል። ስህተቱን ለመያዝ አንድ ቁጥር ይበቃል፦ x = 3 ሲሆን የመጀመሪያው 39 − 30 − 9 = 0 ነው፣ የተሳሳተው ግን 14 − 64 = −50 ይሰጣል።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ይሆናል፦

∫ dx/√(39 − 10x − x²) = arcsin((x + 5)/8) + C

ይህ ዳግም ዘር ትርጉም የሚኖረው x በ-13 እና በ3 መካከል ሲሆን ብቻ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ የተወው ቁጥር እዚህ ድንበር ሆኖ ቆመ። ኢንተግራሉ ከድንበር እስከ ድንበር ቢሰላ ውጤቱ ልክ π ነው።

የዚህ ቅርጽ ትልቁ ሥራ ሰማይ ላይ ነበር። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ፕላኔት በሞላላ መንገድ ከሄደ የሚስበው ኃይል በርቀቱ ካሬ ልክ እንደሚቀንስ አሳየ። ግልባጩን፣ ማለትም ከኃይሉ ተነስቶ መንገዱን ማግኘትን፣ በ1710 የባዝሉ ዮሐን ቤርኑሊ በኢንተግራል ሠራው፤ ያዕቆብ ሄርማንም በዚያው ዓመት የራሱን መፍትሔ አወጣ። በዛሬ አጻጻፍ ከፀሐይ ያለውን ርቀት r ብለን u = 1/r ብናደርግ፣ ፕላኔቱ የዞረውን ማዕዘን θ የምናገኘው ይህን በመደመር ነው፦

du/√(c + 2ku − u²)

እዚህ k በኃይሉ ብርታትና በፕላኔቱ ዙረት፣ c በጉልበቱና በዚያው ዙረት የሚወሰኑ ቋሚዎች ናቸው። ጥጉን ስንሞላ በዳግም ዘሩ ሥር a² − (u − k)² ይቀራል፣ a² = c + k²። ማዕዘኑን ከተገቢው ቦታ መቁጠር ከጀመርን መልሱ u = k + a cos θ ነው፤ ይህም የሞላላ፣ የፓራቦላ ወይም የሃይፐርቦላ እኩልታ ነው።

የዳግም ዘሩ ውስጥ ዜሮ የሚሆነው በ k + a እና በ k − a ነው። የመጀመሪያው ፕላኔቱ ለፀሐይ የሚቀርብበት፣ ሁለተኛው የሚርቅበት ቦታ ነው። a ከ k ከበለጠ ግን ሁለተኛው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ 1/r ደግሞ ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። ያኔ እንደ አል-ኸዋሪዝሚ መልሱን እንጥለዋለን፤ ያ አካልም የመጨረሻ ርቀት የለውም፣ አንዴ በፀሐይ አጠገብ አልፎ ተመልሶ አይመጣም።