«እሺ» ያለ ድምፅ፦ የስቲከር አጭር ታሪክ

«እሺ» ብሎ የጻፈ ሰው ምን ማለቱ ነው? በአፍ ሲባል ብዙም አያጠራጥርም። ለስለስ ብሎ ሲጎተት መስማማት ነው፤ ቁርጥ ብሎ ሲወጣ ኩርፊያ ነው፤ ከረጅም ትንፋሽ ጋር ሲወርድ ደግሞ «ምን ምርጫ አለኝ» ነው። ስልክ ላይ ሲጻፍ ግን ሦስቱም እነዚያው ሁለት ፊደላት ናቸው። በየግሩፑ የምንወረውረው ስቲከር የመጣው ይህን ክፍተት ሊሞላ ነው። ከየት እንደመጣ ማወቁ ደግሞ የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚያስቀይም ለመለየት ይረዳል።

ችግሩ ከስማርት ስልክ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሰዎች በጋራ የመልእክት ሰሌዳቸው ላይ ይቀላለዱ ነበር። አንዱ፣ ሊፍቱ በሜርኩሪ ተበክሏል ብሎ ለቀልድ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ፤ ቀልዱ ያልገባቸው ሰዎች እውነት መሰላቸው። ከዚያ በኋላ በተደረገው ውይይት፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን፣ ስኮት ፋልማን የተባለ ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ቀልድ የሆነውን በ :-) እንለየው። እዚህ ላይ ምልክቱ ራሱን የቻለ ንግግር አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ «ይህን በፈገግታ አንብበው» ይላል እንጂ። በ1999 የጃፓኑ ዶኮሞ ኩባንያ ለስልክ ያወጣቸው 176 ትንንሽ ስዕሎች፣ ማለትም የዛሬዎቹ ኢሞጂዎች ቀደምቶች፣ በአብዛኛው ይህንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር።

ስቲከር ሌላ ነገር ነው። የተስፋፋውም ላይን በተባለው የጃፓን መተግበሪያ ነው። በማርች 2011 ጃፓንን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የስልክ መስመሮችን ባጨናነቀ ጊዜ ሰዎች የሚገናኙት በኢንተርኔት ነበር። ላይን በዚያው ዓመት ጁን ውስጥ ወጣ፤ ስቲከር የጨመረው ደግሞ በኦክቶበር ነው። ብራውን የሚባለው ድብ ፊቱ ፈጽሞ የማይለዋወጥ ዝምተኛ ነው። ኮኒ የምትባለው ጥንቸል ግን ስትስቅም ስትቆጣም ልክ የላትም።

ከኢሞጂ የሚለየው በመጠኑ ብቻ አልነበረም። ስቲከር ከጽሑፍ ጎን አይቀመጥም፤ ብቻውን ይላካል፣ ራሱን የቻለ መልስ ይሆናል። አንድ ሰው «ነገ አልመጣም» ብሎ ሲጽፍልህ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠ ድብ ትልክለታለህ። ቅር ማለትህን ነግረኸዋል፤ ግን «ቅር ብሎኛል» የሚል ቃል አልወጣህም። ቢጠይቅህ «እየቀለድኩ ነው» ማለት ትችላለህ። እሱም ቅሬታህን ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ይችላል። ሁለታችሁም መውጫ አላችሁ።

ይህ ነገር ጃፓን ውስጥ እንዲህ መወደዱ የሚገርም አይደለም። በጃፓንኛ «አመሰግናለሁ» ለማለት እንኳ መጀመሪያ ሰውየው ለአንተ ማን እንደሆነ መወሰን አለብህ፦ ለቅርብ ወዳጅ «አሪጋቶ»፣ ለሚከበር ሰው «አሪጋቶ ጎዛይማስ» ነው። ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳ ጥንቸል ግን ምስጋናውንም አክብሮቱንም ትይዛለች፤ የግሱን ደረጃ አያስመርጥህም።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የእኛ ግስ ደግሞ ከአክብሮት በላይ ጾታም ይጠይቃል። «ይቅርታ አድርግልኝ»፣ «አድርጊልኝ»፣ «ያድርጉልኝ»፤ ከእነዚህ አንዱን ሳይመርጡ ይቅርታ መጠየቅ ይከብዳል። አዲስ የሥራ ባልደረባህን «አንተ» ብትለው ድፍረት ይመስላል፣ «እርስዎ» ብትለው መራራቅ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ጭንቀት መልእክቱን ሦስት ጊዜ ይጽፋል፣ ሦስት ጊዜ ያጠፋል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ የሚል ሰው የሚያሳይ ስቲከር ይህን ሁሉ ያልፈዋል። «አንተ»ም «አንቱ»ም ሳይል ትሕትናው ይደርሳል።

ወደ እኛ በስፋት የመጣው በቴሌግራም በኩል ነው። ቴሌግራም በጃንዋሪ 2015 ስቲከር ሲጀምር ማንም ሰው የራሱን እንዲሠራ ፈቀደ። @Stickers ለሚባለው ቦት ስዕልህን ትልካለህ፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ አለቀ። ከአማርኛ ፊልምና ኮሜዲ የተቆረጡ ፊቶች የበዙት በዚህ ነው። እነዚህ ከብራውንና ከኮኒ የሚበልጡበት ነገር አለ፦ ተዋናዩን የሚያውቅ ሰው ስዕሉን ሲያይ ድምፁንም ይሰማል። የጠፋው የ«እሺ» ቃና በሰው ትዝታ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

በጁላይ 2019 ደግሞ የሚንቀሳቀሰው መጣ። ቴሌግራም ፋይሉ ከ64 ኪሎባይት፣ ርዝመቱም ከ3 ሰከንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህን ያህል ሊያንስ የቻለው እንደ ቪዲዮ የተከታታይ ፎቶዎች ጥርቅም ስላልሆነ ነው፤ «ይህ መስመር ከዚህ ወደዚያ ይሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው፣ ስልኩ ራሱ ይስለዋል። እንቅስቃሴ የጨመረው ነገር ፍጥነት ነው። ራስን ቶሎ ቶሎ መነቅነቅ «አዎ፣ አዎ» ነው፤ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ግን «ቆይ ብቻ» ነው። ቋሚ ስዕል ይህን ልዩነት ለማሳየት ይቸገራል።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ 3 ሰከንዱ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ሰው ሲስቅ ሳቁ ያልቃል፣ የስቲከሩ ሳቅ ግን አያባራም፤ ስለዚህ ለወዳጅነት የተላከው ማላገጥ ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው ለቅሶ ላይ ነው። ግሩፕ ውስጥ መርዶ ሲነገር እንባው የሚወርድ ድብ የሚልኩ አሉ። ለቅሶ ቤት ሰው ገብቶ ያለቅሳል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዝምታውም ሐዘኑን የመካፈል አንድ ክፍል ነው። ድቡ ግን ሐዘንተኛው ግሩፑን በከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ያነባል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው አጭር ቃል አንድ ጊዜ ተነግሮ ያርፋል።

ሌላው ወሰን ውል ነው። በ2021 ካናዳ ሳስካቸዋን ውስጥ አንድ እህል ገዥ ድርጅት 87 ቶን ገደማ ተልባ ለመግዛት ውሉን ፈርሞ ፎቶውን ለገበሬው ላከና «እባክህ አረጋግጥልኝ» አለው። ገበሬው 👍 መለሰ። ዋጋው ጨመረ፣ ተልባው አልመጣም። ገበሬው «ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን የቀድሞ ልማዳቸውን አየ፤ ከዚያ በፊት በ«እሺ» ዓይነት አጫጭር መልሶች ተስማምተው እህሉ ደርሶ ነበር። በ2023 ገበሬው ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት፣ ይግባኙም አልተሳካለትም። ያቺ አውራ ጣት ኢሞጂ እንጂ ስቲከር አልነበረችም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ምልክት ትርጉሙን የሚያገኘው ከላኪው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ሰዎች መካከል ካለፈው ታሪክም ነው።

ስለዚህ ስቲከር ለማን እንደሚላክ ማየት ያስፈልጋል። ከአብሮ አደግህ ጋር ያ የፊልም ፊት ሃያ ዓመት ሙሉ የተሳሳቃችሁበትን ይዞ ይሄዳል። ትናንት ከተዋወቅከው ሰው ጋር ግን የሚያስረዳው ታሪክ የለም፤ ያው ፊት ስድብ ሊሆን ይችላል። ያ መውጫ በር ለቀልድና ለትንሽ ቅሬታ መልካም ነው። ገንዘብ፣ ቀጠሮና ይቅርታ ሲሆን ግን ሰው የሚፈልገው መውጫ የሌለውን ነው። እዚያ ላይ «አንተ» ወይም «እርስዎ» የሚለውን መምረጥ ቢያስጨንቅም፣ የተጨነቅህ መሆንህ ራሱ ለሰውየው የምትሰጠው ክብር ነው።