ትይዩ አወቃቀር፦ ዝርዝርና ንጽጽር የሚቃኑበት መንገድ

በእንግሊዝኛ የድርሰት ትምህርት «ፓራለል ስትራክቸር» የሚባለውን በአማርኛ «ትይዩ አወቃቀር» ብንለው ይስማማዋል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እኩል ሥራ የሚሠሩ ክፍሎች አንድ ዓይነት የሰዋስው ቅርጽ ይያዙ ማለት ነው፤ አንዱ ስም ከሆነ ሌላውም ስም ይሁን፣ አንዱ በ«እንዲ» ከጀመረ ሌላውም በ«እንዲ» ይጀምር። «ተመሳሳይ አወቃቀር» የሚለው ስያሜ ተማሪውን ያሳስተዋል፤ ሐሳቡም መመሳሰል ያለበት ይመስለዋልና። «ትይዩ»ን ግን ከሒሳብ ክፍል ያውቀዋል። ሁለት ትይዩ መስመሮች የተለያዩ መስመሮች ናቸው፤ የሚጋሩት አቅጣጫን ብቻ ነው።

ስያሜው አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ከውጭ የመጣ ደንብ አይደለም። «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» የሚለው ተረት ሁለቱን ጎኖች ቃል በቃል አስተካክሎ ያቆማል፤ «የ» ከ«የ» ጋር፣ «ለ» ከ«ለ» ጋር። በቤተ ክህነት ትምህርት ዳዊት የደገመ ልጅም ይህን ቅርጽ ስሙን ሳይሰማ በጆሮው ይዞት ያድጋል። በመዝሙሮቹ ውስጥ አንዱ ስንኝ ሌላውን በቅርጽ ተከትሎ እንደሚሄድ አይቶ ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ሮበርት ሎውዝ ነበር፤ ስለ ዕብራይስጥ ቅኔ የሰጣቸው ትምህርቶች የታተሙት በ1753 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በእኩልነት አንቀጹ፣ በአንቀጽ 25፣ በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት እያለ «በ»ን ይደጋግማል። አርቃቂው ይህን ያደረገው ለጌጥ አይመስለኝም። እያንዳንዱ መነሻ ለብቻው እንዲቆምና አንዱ የሌላው ቅጽል ተደርጎ እንዳይነበብ ነው።

አማርኛ ይህን ጥንቃቄ የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት አለው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው የዝርዝሩን ክፍሎች ግሱ እስኪደርስ ድረስ በእጁ ይዞ ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ ክፍሎቹ እኩዮች መሆናቸውን የሚነግረው ቅርጻቸው ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ስለ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሲጽፍ የሚከተለውን አሰፈረ እንበል፦ «ነዋሪዎቹ የሚፈልጉት የውሃ አቅርቦት፣ መንገዶቹ እንዲጠገኑና ታክሲ በጊዜው መድረስ ነው።» ሦስት ፍላጎቶች በሦስት ቅርጽ መጥተዋል፤ የመጀመሪያው የስም ሐረግ፣ ሁለተኛው በ«እንዲ» የተነሣ፣ ሦስተኛው በ«መ» የተነሣ። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ቀይ መስመር አስምረው «ይስተካከል» ብለው ያልፋሉ። ተማሪውም አጭሩን መንገድ ይዞ «ውሃ፣ መንገድና ታክሲ ነው» ብሎ ይመልሳል። ቅርጹ ቀንቷል፤ ሐሳቡ ግን ሞቷል። መንገዱ አለ፤ የተፈለገው ጥገናው ነበር።

የተሻለው እርማት ሦስቱንም ወደ «እንዲ» መመለስ ነው፤ ያኔ ችግሩ ይገለጣል። «መንገዶቹ እንዲጠገኑ» ዝግጁ ነው፤ «ታክሲ በጊዜው እንዲደርስ»ም ቀላል ነው። «የውሃ አቅርቦት» ግን ግስ ይጠይቃል፤ ውሃው ምን እንዲሆን? እንዲገባ ነው፣ በፈረቃ መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ እንዲመጣ ነው፣ ወይስ ንጹሕ እንዲሆን? ጸሐፊው ይህን አልወሰነም ነበር፤ «አቅርቦት» የሚለው ቃል አለመወሰኑን ሸፍኖለት ነበር። ትይዩ አወቃቀር ትምህርት ሊሆን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ። ቅርጹ የጎበጠበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ያላለቀበት ቦታ ነው፤ ቅርጹን ለማቃናት የሚደረገው ጥረት የጎደለውን ግስ እንድንፈልግ ያስገድደናል። «ነዋሪዎቹ የሚፈልጉት ውሃ በየቀኑ እንዲመጣ፣ መንገዶቹ እንዲጠገኑና ታክሲ በጊዜው እንዲደርስ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከፊተኛው ይበልጥ ያምራል፤ ዋናው ትርፉ ግን ይበልጥ መናገሩ ነው።

በንጽጽር ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም «ከ» የሰዋስው ምልክቶችን ይውጣል። «የሳሪስ» ብለን «ከየጀሞ» አንልም፤ «የ» ይጠፋል። ስለዚህ «የሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ከጀሞ ይረዝማል» ብሎ የጻፈ ሰው ሰልፍን ከሰፈር ጋር አወዳድሯል። መድኃኒቱ አንዲት ፊደል ናት፤ «ከጀሞው ይረዝማል» ሲባል ያ «ው» የጠፋውን ሰልፍ ይተካዋል። «በባቡር መሄድ ከታክሲ ይሻላል» የሚለውም መሄድን ከመኪና ጋር ያመዛዝናል፤ ሲቃና «በባቡር መሄድ በታክሲ ከመሄድ ይሻላል» ይሆናል። «ከ» ተሳቢ አመልካቹን «ን»ንም ይውጣል። «ነጋዴው ከደንበኛው ይልቅ ጎረቤቱን ያምናል» ሲባል ነጋዴው ለጎረቤቱ ያለው እምነት ለደንበኛው ካለው ይበልጣል ማለት ነው፣ ወይስ ጎረቤቱን በማመን ደንበኛውን ይበልጠዋል ማለት ነው? መልሱን የያዘው «ን» ስለጠፋ ዐረፍተ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። «ደንበኛውን ከሚያምነው ይልቅ ጎረቤቱን ያምናል» ሲባል «ን» በሁለቱም በኩል ቆሞ ትርጉሙ አንድ ይሆናል። ተማሪው ሊይዘው የሚገባው ልማድ «ከ» ባየ ቁጥር በግራና በቀኝ ያሉት ነገሮች አንድ ዓይነት መሆናቸውን መጠየቅ ነው።

ለማስተማር ስያሜውን መጨረሻ ላይ ማምጣት ይሻላል። መምህሩ ከተማሪው ከራሱ ድርሰት አንድ ዝርዝር ወስዶ ክፍሎቹን በሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ይጽፋል፤ ማሰሪያውን ደግሞ በስተቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ክፍል ከማሰሪያው ጋር ጮክ ብለው ያነባሉ። «መብራት፣ ውሃና መንገድ ተጠረገ» ቢሆን ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል፤ መብራት አይጠረግም። ይህ ፈተና ግን ብቻውን አይበቃም፤ የነዋሪዎቹ ዝርዝር ክፍሎች አንድ በአንድ ሲነበቡ ሁለቱ ያለ እንከን ያልፉ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው እርምጃ የየክፍሉን አፍና ጭራ ማስመር ነው፤ «በ»፣ «ለ»፣ «እንዲ»፣ «መ» ከፊት፣ «ን»ና «ው» ከኋላ። አማርኛ ምልክቶቹን በቃሉ በሁለቱም ጫፍ ስለሚያስቀምጥ አንዱን ጫፍ ብቻ ማየት ያታልላል። «መንገዱን፣ ድልድዩና ትምህርት ቤቱን ጠገኑ» ውስጥ መካከለኛው «ን» እንደወደቀበት የሚታየው ጭራው ሲሰመር ነው። ይህ ሁሉ የእርማት ሥራ ነው፤ ተማሪው የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲጽፍ ስለ ቅርጽ እንዲጨነቅ ማድረግ ብዕሩን ያስረዋል።

በጆሮ የለመድነውን አነጋገር ስሕተት ማድረግ አይሆንም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ «በሳሪስ፣ ጀሞና ለቡ» ብሎ «በ»ን አንድ ጊዜ ብቻ መጥራት የተለመደ ነው፣ ስሕተትም አይደለም። የሚያደናቅፈው «በሳሪስ፣ ጀሞና በለቡ» የሚለው ድብልቅ ነው፤ አንባቢው ጀሞ ለብቻው ለምን እንደተለየ ይፈልጋል። ሌላው ተቃውሞ ጽሑፉ የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል የሚል ነው። ማስተካከል ማለት ሁሉን ወደ «መ» መለወጥ ሲመስለው፣ ተማሪው «ማሻሻል፣ ማጠናከርና ማስፋፋት» እያለ ይደረድራል። ይህ ግን የትይዩነት ጥፋት አይደለም፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳይናገሩ ማለፍ ነው፤ «ጠገኑ፣ ጠረጉ፣ አስፋፉ»ም እኮ ትይዩ ነው።

የምቀበለው ገደብ ሌላ ነው። «በሳሪስ፣ በጀሞና በንፋስ ስልክ ላፍቶ» የሚለው ዝርዝር በቅርጹ እንከን የለውም፤ ግን ሁለቱ ሰፈሮች በሦስተኛው ውስጥ ናቸው። ቅርጹ ክፍሉን ከጠቅላላው ጋር እኩል አድርጎ ያሳያል፤ አፍና ጭራ ማስመርም ይህን አይገልጠውም። እዚህ ላይ መምህሩ ሊያስጨምር የሚችለው ቃል የለም፤ ተማሪው ሳሪስንና ጀሞን ብቻ ሊል ነው ወይስ ክፍለ ከተማውን በሙሉ፣ ከዝርዝሩ አንዱን ወገን አውጥቶ መወሰን አለበት።