የዴንቨር «ኢግል» የባቡር ኮንሴሽን

ኢግል ፕሮጀክት የዴንቨር አካባቢ የሕዝብ ትራንስፖርት ተቋም (አርቲዲ) እ.ኤ.አ. በ2010 ዴንቨር ትራንዚት ፓርትነርስ ከተባለ የግል ድርጅቶች ኅብረት ጋር ለ34 ዓመታት የተዋዋለው የኮንሴሽን ስምምነት ነው። በውሉ መሠረት ኅብረቱ የባቡር መስመሮችን ነድፎ ይሠራል፤ ከገንዘቡም የተወሰነውን ራሱ አፈላልጎ ያመጣል፤ ከዚያ ባቡሮቹን ያንቀሳቅሳል፣ ይጠግናል። ንብረቱ ግን የአርቲዲ ነው። ከመሐል ዴንቨር ተነሥቶ በኦሮራ በኩል አየር ማረፊያ የሚደርሰው «ኤ» መስመር በሚያዝያ 2016 ተከፈተ።

የቲኬት ዋጋውን የሚወስነውም ገቢውን የሚሰበስበውም አርቲዲ ነው። ኅብረቱ የሚከፈለው በተሳፋሪ ብዛት ሳይሆን አገልግሎቱ በውሉ መሠረት በመቅረቡ ነው፤ ባቡር ሲዘገይ ወይም ሲቀር ከክፍያው ይቀነሳል። ስለዚህ ተሳፋሪ ቢያንስ ኪሳራው የሚያርፈው በሕዝቡ ተቋም ላይ ነው።

ቁጥጥሩ ግን በተዋዋዮቹ እጅ ብቻ አልነበረም።

ባቡሩ መንገድ በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች መዝጊያዎቹ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ተዘግተው ይቆዩ ስለነበር የፌዴራል ባቡር አስተዳደርና የኮሎራዶ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ፈቃዳቸውን አዘገዩ፤ በየማቋረጫው ባንዲራ ያዥ ጠባቂዎች ቆሙ። የተጨማሪውን ወጪ ኃላፊነት ውሉ ለማን እንደሚሰጥ ባለመስማማታቸው ኅብረቱ በ2018 አርቲዲን ከሰሰ፤ አርቲዲም የአጸፋ ክስ አቀረበ። በዚሁ ችግር የዘገየው የፕሮጀክቱ ሌላ መስመር «ጂ» የተከፈተው በሚያዝያ 2019 ነው።