ወስፋት፦ ከአፈር ተነሥቶ የልጆችን አንጀት እስከ መዝጋት

ወስፋት በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚኖር ረጅም ክብ ትል ነው። ሴቷ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች።

ከሰገራ ጋር የወጣው እንቁላል ወዲያውኑ በሽታ አያስተላልፍም። ለዚህ የሚበቃው እርጥበት ባለው ሞቃት አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ እጭ ሲያድግበት ነው። ባልታጠበ እጅ ወይም አትክልት ሲዋጥ እጩ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፤ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶም ከደም ጋር በጉበት አልፎ ሳንባ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሳል ሊኖር ቢችልም የሰገራ ምርመራ እንቁላል አያሳይም። እጩ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ዳግም ከተዋጠ በኋላ አንጀት ውስጥ ይጎለምሳል፤ እንቁላል መጣል እስኪጀምርም ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል።

ትሎቹ በሰው አካል ውስጥ አይባዙም። ብዙ ትል የሚኖረው እንቁላል ደጋግሞ የዋጠ ሰው ነው። በተበከለ አፈር ላይ የሚጫወት የ5 ዓመት ልጅ በወራት ውስጥ በርካታ ትሎች ሊያከማች ይችላል። አንጀቱ ጠባብ በመሆኑም ትሎቹ ተጠላልፈው፣ ብዙውን ጊዜ በትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ፣ መተላለፊያውን ይዘጋሉ።

የመዘጋቱ ምልክቶች እየመጣ የሚሄድ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋት፣ አረንጓዴ ትውከት፣ አንዳንዴም ትል ማስመለስ፣ እንዲሁም ዓይነ ምድርና ፈስ መከልከል ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ የትል መድኃኒት ሳይሰጠው በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ በመድኃኒቱ የደነዘዙ ትሎች መዘጋቱን ሊያባብሱት ይችላሉና። ሐኪሞች በመጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጡታል፤ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦም ጨጓራውን ያራግፋሉ። አንጀቱ ከተበሳ ወይም ደም ካጣ ግን ቀዶ ሕክምና ግድ ይሆናል።